«ምርጥ ቤት» ብሎ የሚፈልግ ተከራይ የለም

«በአስቸኳይ የሚከራይ ምርጥ አፓርታማ!!! እንዳያመልጥዎ!» የአዲስ አበባ የኪራይ ማስታወቂያዎች የሚወጡባቸውን ድረ ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች ላገላበጠ ሰው ይህ ርዕስ እንግዳ አይደለም። ከሥሩ ሦስት ፎቶ፣ አንድ ስልክ ቁጥርና «ዋጋ በስምምነት» የሚል ቃል ይከተላል። ባለቤቱ ቤቱን ይወደዋል፤ የጻፈውም ከልቡ ነው። ነገር ግን ቤቱ የት እንዳለ፣ ስንት መኝታ እንዳለው፣ በስንት እንደሚከራይ የሚናገር ቃል ርዕሱ ውስጥ የለም። ቤት ፈላጊው ደግሞ ስልኩ ላይ የሚጽፈው «ገርጂ ባለ 2 መኝታ ኪራይ» ብሎ ነው። እንዲህ ሲሆን ቤቱም ተከራዩም እያሉ ሳይገናኙ ወር ያልፋል፤ ባለቤቱም «ገበያው ሞቷል» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል ወይም ደላላ ይጨምራል።

ነገሩን በአንድ ቤት እንየው። ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ያለ፣ ለማስረዳት እንዲመች ያሰብኩት አፓርታማ ነው። 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለ 2 መኝታ፤ 95 ካሬ፤ ሕንፃው ሊፍት፣ ጄኔሬተርና የውሃ ታንከር አለው፤ የቤት ዕቃ የለውም፤ ኪራዩ በወር 45,000 ብር ነው። ይህን ቤት ማስታወቂያ ላይ ስናወጣው ምን ይገጥመዋል?

የመጀመሪያው ፈተና ከርዕሱ በፊት ይመጣል። የቤት ማስታወቂያ የሚያወጡ ድረ ገጾች ሁሉ ማጣሪያ አላቸው፤ ተከራዩ አካባቢውን፣ የመኝታ ቤቱን ቁጥር፣ የዋጋውን ጣራ፣ ዕቃ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ይመርጣል። ማጣሪያው የሚያነበው ደግሞ ማስታወቂያው ሲመዘገብ በየሳጥኑ የተሞላውን ቁጥር ነው። መግለጫው ውስጥ «ሁለት ሰፋፊ መኝታ ክፍሎች» ብለን በጥሩ አማርኛ ብንጽፍም፣ የመኝታ ቤት ቁጥር የሚገባበትን ሳጥን ባዶ ከተውነው፣ «2 መኝታ» ብሎ ላጣራ ሰው ቤታችን አይመጣለትም። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ቶሎ ቶሎ አልፎ ወደ መግለጫው ይሮጣል። እኔ ግን ጊዜ ካጠረ መግለጫው ይጠር፣ ሳጥኖቹ ግን አንድም ሳይቀር ይሞሉ እላለሁ።

ከሳጥኖቹ ሁሉ ብዙ ጥፋት የሚሠራበት የዋጋው ነው። «ዋጋ በስምምነት» ለማለት ሲሉ 1 ብር የሚሞሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ከርካሽ ወደ ውድ ሲደረደር ከላይ ለመውጣት ብለው ሆን ብለው ያደርጉታል። ነገር ግን ከ40,000 እስከ 50,000 ብር ብሎ ያጣራ ሰው፣ ማለትም ለዚህ ቤት ትክክለኛው ተከራይ፣ 1 ብር የተባለውን ቤት አያየውም፤ ከተባለው ክልል ውጭ ነውና። የሚያዩት ርካሽ ቤት የሚፈልጉት ናቸው፤ እነሱም ዋጋውን ሲሰሙ ስልኩን ይዘጋሉ። በክብ ቁጥር ጫፍ ላይ ያለ ዋጋም እንዲሁ ያስቸግራል። ሰው «እስከ 50,000» ብሎ ነው የሚያጣራው፤ 51,000 ብሎ የሞላ ባለቤት ለ1,000 ብር ልዩነት ያን ሁሉ ፈላጊ ያጣል። በድርድር 50,000 ለመቀበል ከተዘጋጀ መጀመሪያውኑ 50,000 ቢሞላ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ርዕሱ እንምጣ። ርዕስ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ከፍለጋ ቃል ጋር መገጣጠም፣ ሁለተኛው በብዙ ማስታወቂያ መካከል ጣት እንዲነካው ማድረግ ነው። ሁለቱንም በአንድ መስመር መሥራት አለበት፤ ምክንያቱም ስልክ ላይ ሲደረደር ረጅም ርዕስ መጨረሻው ይቆረጣል። ጉግልም ቢሆን የገጽን ርዕስ በመሣሪያው ስፋት ልክ ይቆርጠዋል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ከላቲን ፊደል ቀድሞ ቦታው ያልቅበታል። ስለዚህ ተከራዩ የሚጽፋቸው ቃላት ከፊት ይቀመጣሉ፤ የቤቱ ዓይነት፣ የመኝታው ቁጥር፣ ኪራይ መሆኑ፣ ሰፈሩ። ከዚያ በኋላ ይህን ቤት ከጎረቤቱ የሚለይ አንድ ወይም ሁለት ነገር ይጨመራል። ለገርጂው ቤት እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ባለ 2 መኝታ አፓርታማ ኪራይ ገርጂ መብራት ኃይል፣ 95 ካሬ፣ ሊፍትና ጄኔሬተር ያለው»

መጨረሻው ቢቆረጥ እንኳ የሚጠፋው ጄኔሬተሩ ነው እንጂ ሰፈሩ አይደለም። «ምርጥ»፣ «ውብ»፣ «ዘመናዊ»፣ «አስቸኳይ» የሚሉት ወጥተዋል፤ ቦታ ይይዛሉ እንጂ የሚፈልጋቸው የለም። የቃለ አጋኖውም ድርድር እንዲሁ። ዋጋውና ስልክ ቁጥሩ ደግሞ የየራሳቸው ሳጥን አላቸው።

ሰው በየትኛው ቃል እንደሚፈልግ መገመት አያስፈልግም፤ መጠየቅ ይቻላል። ጉግል ላይ «ገርጂ የሚከራይ» ብላችሁ ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ቆም በሉ። ከሥር የሚዘረዘሩት ማሟያዎች በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ከጻፏቸው ፍለጋዎች የመጡ ናቸው። በማስታወቂያ ድረ ገጹ የራሱ መፈለጊያ ላይም ይህንኑ ሞክሩ። «አፓርታማ» ነው የሚበዛው ወይስ «አፓርትመንት»? «ኮንዶሚኒየም» የሚል ይመጣል? ዕቃ ያለው ቤት ከሆነ «ፈርኒሽድ» ይላሉ ወይስ «ዕቃ የተሟላለት»? ባለቤቱ የሚወደውን ቃል ትቶ ተከራዩ የሚጽፈውን መያዝ አለበት።

የአማርኛ ጽሑፍ በፍለጋ ላይ የራሱ ፈተና አለው፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ምክሮች ጨርሶ አያነሡትምና። አንደኛው ችግር ፊደሉ ነው። «ኃይል»፣ «ሀይል»፣ «ሃይል» ብለን ብንጽፍ ለእኛ ንባቡ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ U+1200፣ U+1210 እና U+1280 የሚባሉ የየራሳቸው ቦታዎች አሏቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚሁ ይለያያሉ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አቻችሎ የሚፈልግ ፕሮግራም ካልተሠራለት፣ ድረ ገጹ «መብራት ሀይል» ብሎ ለፈለገ ሰው «መብራት ኃይል» የሚለውን ላያወጣለት ይችላል።

ሁለተኛው ችግር በቃሉ ራስ ላይ የሚለጠፈው ፊደል ነው። «በገርጂ የሚገኝ» ስንል ሰፈሩን የጠራን ይመስለናል። ቃልን ከመጀመሪያ ፊደሉ ጀምሮ የሚያዛምድ ቀላል ፈላጊ ግን «በገርጂ» እና «ገርጂ» ለእሱ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱ በ«በ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ገ»። «የቦሌ»፣ «ለቦሌ»፣ «ከቦሌ» የሚሉትም እንዲሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሰፈሩ ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ምንም ሳይለጠፍበት ራቁቱን ይጻፍ። ከላይ በጻፍኩት ርዕስ ውስጥ «በገርጂ» ያላልኩት ለዚህ ነው። ሰዋስዉ ትንሽ ደረቅ ይላል፤ ለርዕስ ግን ያስኬዳል።

የፊደሉን ችግር ደግሞ መግለጫው ያቃልለዋል። ርዕሱ «ኃይል»፣ «አፓርታማ» እና «ኪራይ» ካለ፣ መግለጫው «ሃይል»፣ «አፓርትመንት» እና «የሚከራይ» ሊል ይችላል። ሁሉም ስለዚሁ ቤት እውነት ናቸው፤ ሁሉም ሰው የሚጽፋቸው ናቸው። የፊደል ወጥነት የሚወድ አንባቢ ቅር ይለው ይሆናል፤ እኔም በመጽሐፍ ውስጥ ቢሆን አልፈቅድም ነበር። ብዙ ሰው ደግሞ በላቲን ፊደል ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጣ ሠራተኛም፣ ለክረምት የሚመጣ ዲያስፖራም፣ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ያልጫነ የሰፈር ልጅም። ለእነሱ በመግለጫው መጨረሻ አንድ መስመር ይበቃል፦ 2 bedroom apartment for rent in Gerji, Addis Ababa.

የሰፈር ስም ላይ ሌላም ነገር አለ። ገርጂ በአስተዳደር ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ቦሌ የሚከራይ አፓርታማ» ብሎ የሚጽፍ ባለቤት ዋሸ አይባልም። ይሁን እንጂ «ቦሌ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በልቡ የያዘው ቦሌ መድኃኔዓለምን ወይም ሩዋንዳን ነው። ማስታወቂያውን ይከፍታል፣ ካርታውን ያያል፣ ወዲያው ይወጣል። ገርጂን ለሥራው ወይም ለልጁ ትምህርት ቤት ብሎ የሚፈልገው ሰው ደግሞ ስሙን ስላላገኘው አልመጣም። ክፍለ ከተማው በሳጥኑ ውስጥ ይግባ፤ ርዕሱ ላይ ግን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የሚጠራው ስም ይቀመጥ።

መግለጫው የሚጀምርበት ዓረፍተ ነገር ከቀሩት ሁሉ ይበልጣል፤ በዝርዝሩ ላይ ከርዕሱ ሥር የሚታየው እሱ ስለሆነ። ጉግልም ከርዕስ ሥር የሚያሳየውን አጭር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከገጹ ውስጥ ከፍለጋው ቃል ጋር የሚገጥመውን ክፍል መርጦ ያወጣል። «ውድ ደንበኞቻችን፣ በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን» ብሎ የጀመረ ማስታወቂያ ያን ቦታ በሰላምታ ጨርሶታል። የገርጂውን ቤት መግለጫ እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«ገርጂ መብራት ሃይል የሚከራይ ባለ 2 መኝታ አፓርትመንት፤ 4ኛ ፎቅ፣ 95 ካሬ፣ በወር 45,000 ብር። የጋራ ቦታው ሲቀነስ የቤቱ ውስጥ 80 ካሬ ነው። ከዋናው አስፋልት 200 ሜትር ገባ ይላል፤ መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ሳሎን ከበረንዳ ጋር፣ ቁም ሳጥን ያላቸው 2 መኝታ ክፍሎች፣ ቦይለር ያለው 1 መታጠቢያ ቤት፣ ካቢኔት የተገጠመለት ኪችን። የቤት ዕቃ የለውም። የቧንቧ ውሃ በሳምንት 3 ቀን ይመጣል፤ በቀሩት ቀናት ከሕንፃው ታንከር ይደርሳል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የደረጃውን መብራት ያሠራል፤ ለቤት ውስጥ አይሰጥም። የመብራት ቆጣሪው የግል ነው። ቤዝመንት ውስጥ 1 መኪና ማቆሚያ አለው። ለጥበቃና ለጽዳት በወር 1,500 ብር ለብቻ ይከፈላል። ቅድሚያ ክፍያ 2 ወር፣ ውል 2 ዓመት። ከመስከረም 1 ጀምሮ መግባት ይቻላል። ቤቱን ማየት የሚቻለው በሥራ ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነው።»

ውሃው በሳምንት 3 ቀን ነው ብሎ መጻፍ ለምን አስፈለገ? በአዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሆነ ነው። «24 ሰዓት ውሃና መብራት» የሚለውን ሐረግ ስላነበበው ብዙም አያምነውም። ታንከሩ መኖሩን፣ ጄኔሬተሩ ምን ምን እንደሚያሠራ የሚናገር ማስታወቂያ ሲያገኝ ግን ባለቤቱ የሚያውቀውን እየነገረው እንደሆነ ይገባዋል። ቤቱን ለማየት የሚመጣውም ይህን አምኖ የተቀበለ ሰው ነው። ካሬውም እንደዚሁ ነው። ቤት ሠሪ ድርጅቶች ሲሸጡ ብዙ ጊዜ የደረጃውን፣ የሊፍቱንና የኮሪደሩን ድርሻ ጨምረው ይቆጥራሉ፤ ተከራዩ ሜትር ይዞ ሲገባ 95 ያለው 80 ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱንም ቁጥር አስቀድሞ መጻፍ ይህን ቅሬታ ያስቀራል።

ቅድሚያ ክፍያውንና የውሉን ዘመን በዘፈቀደ አልመረጥኳቸውም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብም ያዛል። ያም ሆኖ «የ6 ወር ቅድሚያ» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሁንም ይወጣሉ። እንዲህ ያለው መስመር በፍለጋ ላይ ጥቅም የለውም፤ ሕግ መጣሱን በጽሑፍ አስቀምጦ ለሁሉም ማሳየት ብቻ ነው።

በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤዝመንቱን ለማከራየት በአማርኛ ማስታወቂያ የሚያወጣ ወገን ደግሞ የሚጠነቀቅበት ሌላ ነገር አለ። የ1968ቱ የፌዴራል የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በትውልድ አገር፣ በቤተሰብ ሁኔታና በአካል ጉዳት ተከራይን የሚመርጥ ማስታወቂያ ማውጣትን ይከለክላል። ራሱ የሚኖርበትን አነስተኛ ቤት የሚያከራይ ሰው ከሕጉ አንዳንድ ክፍሎች ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ማስታወቂያን የሚመለከተው ክልከላ ግን እሱንም ይይዘዋል። «ለሐበሻ ብቻ» ወይም «ልጅ ለሌለው» የሚለው ቃል አገር ቤት እንደ ቀላል ነገር ይታይ ይሆናል፤ እዚያ ግን ክስ ሊያስከትል ይችላል። ማስታወቂያው ስለ ተከራዩ ማንነት ትቶ ስለ ቤቱ ቢናገር ከዚህ ሁሉ ይድናል።

ከላይ ለመውጣት ሲባል የሚሠሩ ሁለት ነገሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቃራኒውን ያመጣሉ። አንዱ በመግለጫው ግርጌ «ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ሰሚት፣ ሳሪስ፣ ለቡ፣ ጀሞ» እያሉ የከተማውን ሰፈር ሁሉ መደርደር ነው። ጉግል በአይፈለጌ ይዘት ደንቡ ውስጥ የቃላት ማጨቅ የሚለውን ሲዘረዝር፣ ለፍለጋ ብቻ የተደረደሩ የከተማና የአካባቢ ስሞችን በምሳሌነት በስም ጠቅሷል። ሌላው የአንዱን ቤት ማስታወቂያ ማባዛት ነው። ባለቤቱ ራሱ ያወጣል፤ አራት ደላሎችም ያንኑ ፎቶ ይዘው በአራት ዋጋ ያወጡታል። ተከራዩ አንዱን ሳሎን በ45,000ም በ52,000ም ሲያየው ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ድረ ገጾችም ተደጋጋሚ ማስታወቂያን ሲያገኙ ያነሡታል፤ የሚቀረው ደግሞ የባለቤቱ ላይሆን ይችላል። ደላላ የሚጠቀም ባለቤት አንድ ጽሑፍ፣ አንድ የፎቶ ስብስብና አንድ ዋጋ አዘጋጅቶ ለሁሉም መስጠት ይችላል፤ ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ሥራው መያዝ አለመያዙን የሚለይ መንገድ አለ። መጀመሪያ ከሌላ ሰው ስልክ፣ በመለያችሁ ሳትገቡ ፈልጉት። «ገርጂ 2 መኝታ» ብላችሁ፣ «መብራት ሀይል ኪራይ» ብላችሁ፣ Gerji rent ብላችሁ ሞክሩ። ከዚያ ማጣሪያውን ብቻ ተጠቅማችሁ እስከ 45,000 ብር፣ 2 መኝታ ብላችሁ አጣሩ። በአንዱ መንገድ ወጥቶ በሌላው ካልወጣ ጉድለቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታያል፤ በማጣሪያ ካልመጣ ሳጥኑ፣ በቃል ካልመጣ ጽሑፉ ነው።

ብዙዎቹ ድረ ገጾች ማስታወቂያው ስንት ጊዜ እንደታየ ለባለቤቱ ይነግሩታል። ሳምንት አልፎት የተመልካቹ ቁጥር ከጎረቤት ማስታወቂያዎች በጣም ካነሰ ሰው አላገኘውም ማለት ነው፤ ርዕሱን፣ ሳጥኖቹንና የመጀመሪያውን ፎቶ ነው ማየት። ተመልካች ሞልቶ የሚደውል ከጠፋ ግን ርዕሱን መነካካት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ዋጋው ከአካባቢው ይበልጣል፣ ወይም ፎቶዎቹ ጨለማ ናቸው፣ ወይም መግለጫው ዋናውን ነገር አልተናገረም። የሚደውለውም፣ ቤቱን ሊያይ የሚመጣውም ብዙ ሆኖ ሁሉም አይቶ ከተመለሰ ደግሞ ማስታወቂያው የደበቀው ነገር አለ። ሲመለሱ ምክንያታቸውን ጠይቁ። «ሊፍቱ እስከ 3ኛ ፎቅ ብቻ ነው» ወይም «መኪናው በጠባቡ መግቢያ አያልፍም» ካሉ ያው ዓረፍተ ነገር በዚያው ቀን መግለጫው ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ቤቱ የሚመጣው ሰው ይቀንስ ይሆናል፤ የሚመጣው ግን ይህን አውቆ የሚመጣ ነው።

ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያን ወደ ላይ ማስወጣት የሚቻልባቸው ድረ ገጾች አሉ። እኔ መክፈልን የምመክረው ከላይ ያለው ምርመራ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ባዶ የሆነ ማስታወቂያ ገንዘብ ቢከፈልበትም ያጣራው ሰው አያየውም። በየቀኑ እያጠፉ እንደ አዲስ ማውጣትም ከተደጋጋሚ ማስታወቂያ ተቆጥሮ መለያን ሊያሳግድ ስለሚችል፣ ድረ ገጹ የማደሻ ቁልፍ ካለው በእሱ መጠቀም ይሻላል። ቤቱ የተከራየ ዕለት ደግሞ ማስታወቂያው ከሁሉም ቦታ ይውረድ፤ በተለይ ከቴሌግራም ቻናሎች። አሮጌ ልጥፍ እዚያ ለዓመታት ይቀመጣል፤ አዲሱ ተከራይ ከገባ በኋላም ስልኩ አይቆምም፤ ፎቶዎቹንም ወስዶ ቤቱ የእሱ መስሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበል አጭበርባሪ ሊጠቀምባቸው ይችላል።